ሰፈር ወይስ ሠፈር? የቪዲዮ ርዕሶቼን መልክ ለማስያዝ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ ነው ያለሁት፤ ስለ ድሮ ሰፈሮች የምሠራበት የዩቲዩብ ቻናል አለኝ። ቪዲዮዎቹ 46 ደርሰዋል፤ ስማቸው ግን ተዘበራርቆብኛል።

አንዱ «የሰፈር ታሪክ ክፍል 3 ፒያሳ» ይላል። ሌላው «የሠፈር ታሪክ ክፍል አራት ደጃች ውቤ»። ትናንት እናቴ ስልኳ ላይ በ«ሰ» ብትፈልግ በ«ሠ» የጻፍኳቸው አልመጡላትም። በጣም ነው ያዘንኩት።

ደግሞ ስልክ ላይ ረጅም ርዕስ ጫፉ ይቆረጣል። የተከታታዩን ስም ስለማስቀድም ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ የሰፈሩ ስም አይታይም።

አሁን ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ «ደጃች ውቤ | የሰፈር ታሪክ 04»። ቦታው ይቀድማል፣ ቁጥሩ ሁሌ ሁለት አሃዝ ይሆናል፣ ፊደሉም «ሰ» ብቻ። ፕሌይሊስቱ «የሰፈር ታሪክ | አራዳ» ይባላል። በ«ሠ» ለሚፈልግ ሰው ደግሞ መግለጫው ውስጥ አንዴ በ«ሠ» እጽፈዋለሁ።

ርዕስ ሲቀየር ሊንኩ እንደማይቀየር አውቃለሁ። የጨነቀኝ ሌላ ነው። በየመሃሉ የአዛውንቶች ቃለ መጠይቅ አለ። ቁጥር ልስጠው ወይስ የራሱ ፕሌይሊስት ይኑረው? ዘግይቶ የደረሰ ቃለ መጠይቅ መሃል ላይ ካስገባሁ የኋለኞቹ ቁጥር ሁሉ ይዛባል። እንዲህ ዓይነት ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እንዴት እንደፈታችሁት ንገሩኝ።