ጥቆማ፦ ሰርቨር ቀይረን ብሮውዘሩ «ሰርቲፊኬቱ የእናንተ አይደለም» አለን፤ ጎንደር ውስጥ ማን ይፍታልን?

የአራዳዋ፦ ሰላም የጎንደር ልጆች። አራዳ አካባቢ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለን። ዌብሳይታችንን ወደ አዲስ ሰርቨር አዛውረን ዶሜይኑንም ወደዚያው አዞርነው። አሁን ክሮም NET::ERR_CERT_COMMON_NAME_INVALID እያለ አያስገባም። ጥምቀት እየደረሰ ነው፤ ክፍል ሊይዝ የመጣ እንግዳ ይህን አይቶ ይመለሳል። ፒያሳ ካሉት ሱቆችና ማራኪ ካሉት ልጆች የትኛው ይሻለኛል? ዋጋም ብትነግሩኝ።

ቸቸላ፦ ዲኤንኤሱ ገና አልተዳረሰም። 48 ሰዓት ጠብቂ፣ በራሱ ይስተካከላል።

የአዘዞው፦ አዘዞ መንገድ ላይ ያለውን ልጅ ይዘሽ አትጸጸቺም። ፕሪንተሬን አንድ ጊዜ ሠራልኝ፣ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ሳሙና በር፦ እኔም ገጥሞኛል! የኮምፒውተርሽን ቀን እዪው። የእኔ በኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ተሞልቶ ነበር። አስተካከልኩት፣ ሁሉም ተከፈተ።

ደብረ ብርሃን ሰፈር፦ ሳሙና በር፣ ያንተ ሌላ ነው። ቀን ሲሳሳት የሚወጣው ERR_CERT_DATE_INVALID ነው። የእህታችን ስለ ስም ነው የሚያወራው።

ቸቸላም ግማሹን ልክ ነህ። ዲኤንኤሱ እስኪዳረስ አንዳንዱ ሰው የድሮውን ሰርቨር ያያል። ግን ሰርቲፊኬት ከዶሜይኑ ጋር አብሮ አይዞርም፤ የተቀመጠው ሰርቨሩ ላይ ነው። አንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ሳይት ይኖራል። ብሮውዘሩ ሲደርስ የፈለገውን ስም ይጠራል፤ ሰርቨሩ በዚያ ስም የተሰጠ ከሌለው በእጁ ያለውን የሌላ ስም ያወጣል። ቢጠበቅ ቢጠበቅ ይህ አይለወጥም።

የአራዳዋ፣ ከአድራሻው በስተግራ ያለውን ምልክት ነክተሽ ሰርቲፊኬቱን ክፈቺና የማን ስም እንደተጻፈበት ንገሪኝ።

ቀሃ፦ ከሁሉም በፊት ዶሜይኑ በማን ስም እንደተመዘገበ አረጋግጪ! እኔ አንድ ሱቅ ሄጄ ሳይት አሠርቼ ዶሜይኑን በራሳቸው ስም አስመዝግበውት ኖሯል። ልለቅ ስል «ክፈልና እንሰጥሃለን» አሉኝ። እስካሁን የኔ አይደለም።

ማራኪ፦ ኧረ እኔንም! የትኛው ሱቅ ነው? በውስጥ ላክልኝ።

የአዘዞው፦ የአዘዞው ልጅ እንዲህ አያደርግም።

ቸቸላ፦ አዎ፣ ፕሪንተር የሠራ እጅ ሰርቲፊኬት አያቅተውም። ሐውልት እናቁምለት።

የአራዳዋ፦ ከፈትኩት። የሆስቲንግ ድርጅቱ የሰርቨር ስም ነው ያለበት። የኛ ስም የለም።

ደብረ ብርሃን ሰፈር፦ በቃ እሱ ነው። የሆስቲንጋችሁ መቆጣጠሪያ cPanel ከሆነ SSL/TLS Status ውስጥ ገብተሽ Run AutoSSL በይ። ዶሜይኑ አዲሱ ሰርቨር ላይ ከደረሰ በነጻ ይሰጣል። ግዙ ቢሏችሁ አትቸኩሉ።

የአራዳዋ፦ አመሰግናለሁ ወንድሜ። www ሲጻፍ ተከፈተ! ያለ www ግን ያው ስህተት ነው። አንደኛው ስም ላይ ቀይ ምልክት ቀርቷል።

ደብረ ብርሃን ሰፈር፦ ለብሮውዘሩ ሁለቱ የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ ሰርቲፊኬቱ ላይ ሁለቱም መጻፍ አለባቸው። አንደኛው ለምን እንደወደቀ ደግሞ አንድ ነገር እጠረጥራለሁ። ስታዞሩ ዲኤንኤስ ላይ A የሚለውን፣ የአይፒቪ4 አድራሻ የሚይዘውን መዝገብ ብቻ ነው የቀየራችሁት? የአይፒቪ6ን የሚይዘው AAAA ነው። ይህን በራሳችሁ ዶሜይን ሞክሪ፦

```
dig AAAA example.com +short
```

መልስ ካመጣና የአዲሱ ሰርቨር ካልሆነ፣ የድሮው አድራሻ በአይፒቪ6 ቀርቷል ማለት ነው። እንደ ሌትስ ኢንክሪፕት ያለው ሰርቲፊኬት ሰጪ ስሙ የእናንተ መሆኑን ሊያጣራ ሲመጣ፣ AAAA ካለ መጀመሪያ የሚሄደው በዚያ ነው። ድሮው ሰርቨር ይደርሳል፣ የሚፈልገውን ፋይል ያጣል፣ ይከለክላል። AAAA መዝገቡን አጥፊው ወይም ወደ አዲሱ አዙሪው፤ ከዚያ AutoSSL ድገሚ። ቶሎ ቶሎ ግን አትደጋግሚ፤ ሰጪዎቹ ለወደቀ ሙከራ ገደብ አላቸው።

የአራዳዋ፦ ረጅም ቁጥር መጣ፣ በሁለት ነጥብ የተቆራረጠ። የድሮዎቹ መሆኑን ግን በምን ልወቅ?

ደብረ ብርሃን ሰፈር፦ አዲሱን ሆስቲንግ «የአይፒቪ6 አድራሻችን የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ካልገጠመ ወይም ጭራሽ የለንም ካሉሽ አጥፊው።

ለጥያቄሽም፦ ማንንም ከመያዝሽ በፊት «ዶሜይኑን ከማዞርህ በፊት ሰርቲፊኬቱን ምን ታደርገዋለህ?» በይው። የሚያውቅ ሰው ከድሮው ሰርቨር ሰርቲፊኬቱን ከነቁልፉ አስቀድሞ ይገለብጣል፣ ወይም በዲኤንኤስ አስረጋግጦ አዲስ ያወጣል። እንግዳው መቀየሩን እንኳ አያውቅም። «ካዞርን በኋላ እናያለን» ካለሽ ሌላ ፈልጊ።

ማራኪ፦ ቀሃ፣ የሱቁን ስም አልላክህልኝም።

ሳሙና በር፦ ለመሆኑ ማራኪ ያሉት ልጆች ስንት ይጠይቃሉ? እኔም ሳይት ላሠራ ነበር።

የአዘዞው፦ አዘዞ ና።