የዕቅድ ውይይት፦ የአሲድ-ቤዝ መምሪያችን ካርታ ከየት ይጀምር?

ሰብሳቢዋ (ሲ ቱ፣ ሐረር)፦ እንደምን ዋላችሁ። ፕሮፖዛሉን ለማኅበሩ የምናስገባው ሐሙስ ነው። የጥናት መምሪያው አንድ ገጽ ካርታና አጫጭር ኬዞች እንደሚኖሩት ተስማምተናል፤ የቀረው ካርታው ከየት ይጀምር የሚለው ነው። በረቂቁ የመጀመሪያው ሳጥን «ፒኤች ስንት ነው?» ይላል። ከእሱ ሦስት ቀስቶች ይወጣሉ፦ አሲዶሲስ፣ አልካሎሲስ፣ ደህና።

ፒሲ ቱ፦ የሳልኩት እኔ ነኝ። ፈተና ላይ ቀድመን የምናየው ፒኤችን ነው። ከ7.35 እስከ 7.45 ከሆነ ወደ ሌላ ጥያቄ ማለፍ ነው። ሳጥን ከበዛ ደግሞ ማንም አያነበውም።

ኢንተርኗ፦ «ደህና» የሚለው ሳጥን ይውጣልኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ። አምና አክስቴ ሦስት ቀን ሙሉ አስመለሳት። የሄደችበት ቦታ «ጨጓራ ነው» ብለው ኦሜፕራዞል ሰጥተው መለሷት። እኔም ቤት ሄጄ አየኋት። ዲኬኤ ከሆነ በጥልቀትና በፍጥነት መተንፈስ አለባት ብዬ ትንፋሿን ቆጠርኩ፤ 18 ነበር። «የስኳር አይደለም» ብዬ አረጋግቻቸው ወጣሁ። በማግስቱ ስኳሯ ሲለካ 420፣ ሽንቷ ውስጥ ኬቶን ሦስት ፕላስ። ስኳር እንዳለባት እሷም አታውቅም ነበር። እስከ ዛሬ የማይገባኝ ግን ያ ትንፋሽ ነው።

ፒሲ ቱ፦ እንኳን ተረፈችላችሁ። ግን እኮ የሷ ኬዝ የስኳር ነው፤ የኢንዶክሪን መምሪያ ውስጥ አይሻልም?

አማካሪው ሐኪም፦ አይ፣ ቦታው እዚሁ ነው። የመምሪያው የመጀመሪያ ኬዝ እንዲያውም እሱ ይሁን። ዕድሜዋንና ሌላውን ቀይሩት፤ ቁጥሩን እኔ አዘጋጅቻለሁ።

```
Na 132   Cl 80   HCO3 24
pH 7.40   pCO2 40
Na - (Cl + HCO3) = 132 - (80 + 24) = 28
```

በረቂቁ ካርታ ይህቺ ሴት ቀጥታ «ደህና» ውስጥ ትገባለች። ፒኤቿ የመጽሐፍ፣ ባይካርቦኔቷ የመጽሐፍ። አኒየን ጋፑ ግን 28 ነው፤ በ12 ግድም መሆን የነበረበት። 16 ትርፍ አለ ማለት ነው፤ ያ ትርፍ ኬቶን ነው። ኬቶኑ ባይካርቦኔቷን መብላት ነበረበት፤ ታዲያ 24 እንዴት ቀረ? ማስመለሱ ከጨጓራ አሲድና ክሎራይድ አውጥቶ ባይካርቦኔቱን አስቀድሞ ወደ ላይ ሰቅሎት ስለነበር ነው። 16ቱን በ24 ላይ ብትመልሱት 40 ይሆናል። ኬቶን ባይኖር ኖሮ የምታገኙት ቁጥር በዚያ አካባቢ ነበር። ሁለት ሰዎች ገመዱን ከሁለት ወገን እየጎተቱ፣ መሀሉ ላይ ያለው ቋጠሮ ግን ንቅንቅ አላለም።

የትንፋሹም መልስ ይኸው ነው። ያን ትንፋሽ የሚያመጣው የፒኤች መውረድ ነው፤ ፒኤቿ ካልወረደ ሳንባዋን ማን ያስሩጠው? አንቺ የቆጠርሽው ልክ ነበር፤ የሳትሽው ከቁጥሩ የደረስሽበት ላይ ነው።

ኢንተርኗ፦ ዶክተር፣ ይህን አምና ቢነግሩኝ ኖሮ።

ፒሲ ቱ፦ ቆይ፣ የዊንተር ቀመርን ልሞክረው። 1.5 ጊዜ 24፣ ሲደመር 8፣ 44 ይመጣል። የሷ ግን 40 ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ችግር አለባት፤ የመተንፈሻ አልካሎሲስ!

አማካሪው ሐኪም፦ ስሌቱ ልክ ነው፣ ቦታው ግን አይደለም። ይህን ቀመር በራስህ ላይ ሞክረው። ባይካርቦኔትህ 24 ከሆነ 44 ይልሃል፤ አንተ ግን ምንም ያልሆንክ ጤነኛ ነህ። ቀመሩ የተገኘው ባይካርቦኔታቸው በእርግጥ ከወረደ ሕመምተኞች ስለሆነ 24 ላይ ሲደርስ ይዋሻል። ካርታው ላይ ከቀመሩ ሳጥን በፊት «ባይካርቦኔቱ ወርዷል?» የሚል በር ይኑረው። ይህ ስህተት ብዙ ሰው የሚሠራው ስለሆነ በኬዙ ሥር ይግባ፤ ያንተን ስሌት እንዳለ አስቀምጠው።

ፒሲ ቱ፦ ስህተቴ ሊታተም ነው ማለት ነው። እሺ።

ከድሬዳዋ (ሲ ዋን)፦ አቦ፣ ተቅማጡስ? እኛ ጋ ክረምት ሲገባ ተራ በተራ የሚመጣው እሱ ነው። የመጀመሪያው ኬዝ ተቅማጥ ይሁን። ጋፑ ሁሌም ኖርማል ስለሆነ ለጀማሪ ይቀላል።

አማካሪው ሐኪም፦ «ሁሌም» የሚለውን አውጣው። ባይካርቦኔት በሰገራ ሲወጣ ክሎራይድ ቦታውን ይይዛል፤ ስለዚህ ጋፑ ባለበት ይቆያል። ውኃው በጣም አልቆ ደም ወደ አካል በደንብ መድረስ ሲያቅተው ግን ላክቴት ይጠራቀማል፣ የደም ፕሮቲንም ይጠጥራል፤ ያኔ ጋፑም ይወጣል። በከባድ ኮሌራ ይታያል። ሁለተኛ ኬዝ ቢሆን ይሻላል።

ከድሬዳዋ (ሲ ዋን)፦ ሁለተኛ ከሆነም እጽፈዋለሁ። ሌላ ጥያቄ ግን አለኝ። የጋዝ ማሽኑ ካርትሪጅ ካለቀ፣ ክሎራይድም ላብራቶሪው ካልሠራው ካርታችሁ ምን ያደርጋል? ተለማማጅ የነበርኩበት አንድ ቦታ ሶዲየምና ፖታሲየም ብቻ ነበር የሚመጣልን።

ሰብሳቢዋ፦ ልክ ነው፣ እኔም እዚያው ላይ ነበርኩ ያቆምኩት።

አማካሪው ሐኪም፦ ያለ ክሎራይድ ጋፕ አይሠራም፤ ይህን ካርታው በግልጽ ይበል። ያኔ የምትይዙት ስኳሩን፣ የሽንት ኬቶንና ፖታሲየሙን ነው። የሚያስመልስ አዋቂ ሁሉ ስኳሩ ይለካ፤ የአክስቷ ታሪክ ያለ ምንም ጋዝ በአንድ የጣት ጠብታ ይፈታ ነበር። ፖታሲየሙንም ኢንሱሊን ከመጀመራችሁ በፊት እዩ። ስታስመልስ የቆየች ሴት ናት፤ ኢንሱሊን ደግሞ ፖታሲየምን ወደ ሴል ያስገባል።

ኢንተርኗ፦ አልቡሚንስ? ሕፃናት ዋርድ ላይ እብጠት ያለባቸው ሕፃናት ጋፓቸው ዝቅ ብሎ ይገኛል።

አማካሪው ሐኪም፦ ከ4 ግራም በታች ለወረደው ለእያንዳንዱ ግራም 2.5 ጨምሩበት። አልቡሚኑ 2 ከሆነ 5 ትጨምራላችሁ፤ 12 የሚመስለው ጋፕ 17 ይሆናል። አንድ መስመር ይበቃዋል።

ሲ ዋን (ሐረር)፦ ዶክተር፣ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሐረር ከባህር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ግድም ነው፤ ድሬ 1,200። የመጽሐፉ 40 የባህር ጠለል ቁጥር ነው። ከፍታ ላይ ትንሽ አብዝተን ስለምንተነፍስ የኛ ኖርማል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ40 ትንሽ ያንሳል። ታዲያ ሐረር ላይ 40 የሆነች ሴት በእርግጥ ደህና ናት?

አማካሪው ሐኪም፦ ጥሩ ጠየቅክ። ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ኬዙን አይለውጠውም። ካርታው ላይ የኛን ቁጥር እንጻፍ ወይስ የመጽሐፉን የሚለው ግን ያከራክረናል። ተማሪው የሚፈተነው በመጽሐፉ ነው።

ሰብሳቢዋ፦ እሱን ለማኅበሩ ስብሰባ እንተወው። የመጀመሪያው ሳጥን ግን «ጋፑ ስንት ነው?» ይሁን፤ ፒኤች ሁለተኛ። ተቃውሞ?

ፒሲ ቱ፦ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሁኑ። ፈተናውን አትርሱ።

አማካሪው ሐኪም፦ ጎን ለጎንም ይሠራል፤ ብቻ ከጋፑ ሳያልፍ «ደህና» የሚል ቀስት እንዳይወጣ። ለኬዙ ደግሞ ሁለተኛ ገጽ ጨምሩለት። ሳላይንና ኢንሱሊን ከጀመረች ከስምንት ሰዓት በኋላ ውጤቷ ይህ ነው፦

```
Na 136   Cl 104   HCO3 16
```

ጥያቄው፦ እየባሰባት ነው?

ፒሲ ቱ፦ ባይካርቦኔቱ ከ24 ወደ 16 ወርዷል። ብሷታል። ባይካርቦኔት ይሰጣት።

ኢንተርኗ፦ ቆይ ቆይ፣ ጋፑን አስላው እንጂ። 136 ሲቀነስ 120። አሥራ ስድስት! ከ28 ነው የወረደው።

ፒሲ ቱ፦ ታዲያ ባይካርቦኔቱ ለምን ወረደ?

ኢንተርኗ፦ የሳላይኑ ክሎራይድ ያንን የማስመለስ አልካሎሲስ አነሳላት። አንዱ ጎታች ገመዱን ለቀቀ ማለት ነው።

ሰብሳቢዋ፦ ይህ ልውውጥ እንዳለ ኬዙ ውስጥ ይግባ። ካርታውን ማን በንጹሕ ይገለብጣል?

ከድሬዳዋ (ሲ ዋን)፦ እኔ። እስከ ረቡዕ ማታ፣ መብራት ካልጠፋ።