ጥቆማ፦ ስልክ ላይ የሚነበብ የአማርኛ ጥቅስ በየትኛው ፊደልና በየትኛው ፕሮግራም ይሠራል?

አንባቢት
ከማነባቸው መጻሕፍት ጥቅስ እየመረጥኩ በምስል እለጥፋለሁ። የምሠራው በካንቫ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ሳየው ያምራል፤ ስልክ ላይ ሲደርስ ግን ፊደሉ ተጨመላልቆ ለማንበብ ያስቸግራል። የፊደሉን ዓይነት Montserrat፣ Poppins፣ Lora እያልኩ ብቀያይረውም አማርኛው ንቅንቅ አይልም። የትኛውን ፕሮግራምና የትኛውን ፊደል ትጠቁሙኛላችሁ? ምስሉ 1080 በ1350 ፒክስል ነው። ጥቅሶቹ ከአንድ መስመር ተረት ጀምሮ 43 ቃላት እስካለው አንቀጽ ድረስ ናቸው።

ቶሎ ሠሪ
ደማቅ ያድርጉት፣ ያበቃል። ቀጭን ፊደል ስልክ ላይ አይታይም። እኔ ፊደሉን ነጭና ደማቅ አድርጌ፣ ከሥሩ ጥላ ጨምሬ፣ ፎቶ ላይ እለጥፋለሁ። ቅሬታ ሰምቼ አላውቅም። ካንቫን መተው አያስፈልግም።

ገጽ አቀናባሪ
ስለ ቀጭን ፊደል የተባለው ልክ ነው፤ ነገር ግን እርስዎ ዘንድ የተጨመላለቀው ምናልባት ደማቅ ስላደረጉት ይሆናል። የጠቀሷቸው ሦስቱም የላቲን ፊደላት ናቸው፤ የግዕዝ ፊደል በውስጣቸው የለም። ስለዚህ ፕሮግራሙ አማርኛውን በራሱ ምርጫ በሌላ ፊደል ይተካዋል። ስም ቢቀያይሩም የማይነቃነቀው ለዚህ ነው። የተተካው ፊደል የራሱ ደማቅ ቅርጽ ከሌለው ደግሞ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ጭረት በግድ ያወፍረዋል። ያን ጊዜ «ቤ» እግር ሥር ያለችው ቀለበት ትደፈንና ከ«ቢ» ጋር ያምታታል። «ሴ» እና «ኬ» ላይም እንዲሁ ነው። ምስሉን አጉልተው እነዚህን ሦስት ፊደላት ይመልከቱ፤ ቀለበታቸው ተደፍኖ ከሆነ ደማቁ የውሸት ነው።

የምጠቁመው Noto Sans Ethiopic ነው። ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ዘጠኝ እውነተኛ ውፍረቶች አሉት፣ በነጻም ይገኛል። ለጥቅስ SemiBold የሚለውን እመርጣለሁ፤ Black ለትንሽ ምስል ከልክ በላይ ይከብዳል። የብዕር ጭረት የሚመስል ለፈለገ Noto Serif Ethiopic አለ።

ከፕሮግራሞቹ ፊግማን አስቀድማለሁ። እነዚህን ፊደላት ከዝርዝሩ ውስጥ በስማቸው ታገኛቸዋላችሁ፣ ልኩም በቀጥታ በፒክስል ነው። ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ሰው ኢንክስኬፕ ኮምፒውተሩ ላይ በተጫነ በማንኛውም ፊደል ይሠራል፤ ለጀማሪ ግን ትንሽ ያደክማል። ካንቫ ላይ የራስን ፊደል መጫን የሚቻለው በሚከፈልበት አገልግሎት ነው። የሚከፍሉ ከሆነ ፊደሉን ጭነው እዚያው ይቆዩ።

የሠርግ ካርድ
1080 ፒክስልማ በጣም ያንሳል! እኔ የልጄን የጥሪ ካርድ ስሠራ ማተሚያ ቤቱ ጥራቱ አይበቃም ብሎ መለሰብኝ። በፒዲኤፍ ይላኩት። ደግሞ ጽሑፉን በአሮጌ የግዕዝ ፊደል ጽፌው ስለነበር እነሱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሙሉ በሙሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆነ።

ገጽ አቀናባሪ
ያ ለኅትመት ነው፤ እኅታችን የምትጠይቀው ለስልክ ነውና 1080 ይበቃታል። የአሮጌው ፊደል ነገር ግን እዚህም ይሠራል፤ ከድሮ ፋይል የሚቀዳ ጽሑፍ መጀመሪያ የዛሬ መሣሪያዎች ሁሉ ወደሚያነቡት ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

አንባቢት
አጉልቼ አየሁት፤ የ«ቤ» ቀለበት እውነትም ተደፍኗል። በፊግማ Noto Sans Ethiopic አድርጌ፣ በ72 ፒክስል ጻፍኩ። አሁን ደግሞ መስመሩ አስቀየመኝ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት እንዲህ ሆነ፦

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ
ይፈታል

ለ43 ቃላቱስ ምን ላድርግ?

ገጽ አቀናባሪ
ፕሮግራሙ ትርጉም አያውቅም፤ ቦታ ሲያልቅበት ይቆርጣል። በግራና በቀኝ 108 ፒክስል ኅዳግ ቢተው 864 ይቀራል። በ72 ፒክስል አንድ የግዕዝ ፊደል በአማካይ 55 ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ አንድ መስመር ላይ ክፍተቱን ጨምሮ ወደ 15 ፊደል ይገባል። የተረቱ ሦስት ቃላት 13 ስለሆኑ ገቡ፣ «ይፈታል» ብቻዋን ወረደች። መስመሩን ራስዎ ይቁረጡት፦

ሲሮጡ የታጠቁት
ሲሮጡ ይፈታል

አሁን ሁለቱ «ሲሮጡ» አንዱ ከአንዱ ሥር ቆመው ተረቱ ሚዛኑን ጠበቀ። ሌላም ትርፍ አለው፤ ረጅሙ መስመር ከ13 ወደ 9 ስለወረደ ፊደሉን እስከ 110 ፒክስል ማሳደግ ይቻላል። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከፊደሉ መጠን አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። የአማርኛ ፊደል መስመሩን ከላይ እስከ ታች ስለሚሞላው ለላቲን የሚበቃው ርቀት ለእኛ ይጠባል።

43 ቃላትን በተመለከተ፣ በ72 ፒክስል ስድስት መስመር ቢጽፉ የሚገባው ወደ 18 ቃል ነው። ፊደሉን ወደ 50 ዝቅ ቢያደርጉት 43ቱም አሥራ አንድ መስመር በሚሆን ቦታ ይገባሉ፤ ምስሉን ከፍቶ የሚያይ ሰውም ያነበዋል። ጣቱን እያንሸራተተ የሚያልፈው ግን አይቆምለትም። እኔ ብሆን ሐሳቡ በሚያርፍበት ቦታ ከፍዬ ሁለት ተከታታይ ምስል አደርገው ነበር። የሰው ቃል ነውና ቆርጦ ማሳጠሩን አልመክርም።

ቶሎ ሠሪ
ስለ ጥላው ማንም አልመለሰልኝም።

ገጽ አቀናባሪ
ጥላ የፊደሉን ጠርዝ ያደበዝዛል፤ ትንንሽ ቀለበቶችንም ይሞላል። ፎቶው ላይ ጥቁር ሽፋን መጣል ይሻላል። እዚህ ላይ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በበስተጀርባው መካከል የሚመከረው ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ1 ነው። ፎቶው ላይ ነጭ ደመና አለ እንበል። ሽፋኑ 50 በመቶ ቢሆን ደመናው #808080 የተባለው ግራጫ ይሆናል፤ ነጭ ፊደል በላዩ 3.95 ብቻ ያገኛል። 60 በመቶ ቢያደርጉት #666666 ይሆንና 5.74 ይደርሳል። ትልቅ ፊደል በ3 ለ1 ያልፋል ቢባልም ምስሉ ስልክ ላይ ስለሚያንስ እኔ በዚያ አልመካም።

ቶሎ ሠሪ
60 በመቶ ከሸፈንኩትማ ፎቶው ምን ይሠራል? ዝም ብዬ ጥቁር ገጽ ላይ አልጽፍም?

ገጽ አቀናባሪ
ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ብዕረኛ
ለተረትና ለድሮ ጽሑፍ Abyssinica SIL ይሞክሩ፤ የብራና ጽሑፍ ለዛ አለው። አንድ ውፍረት ብቻ ስላለው ደማቅ የሚለውን እንዳይነኩት። በቃላት መካከልም በባዶ ቦታ ፈንታ ሁለት ነጥብ «፡» ቢያደርጉበት ያምራል፣ የራሳችንም ነው።

ገጽ አቀናባሪ
ፊደሉ ያምራል፤ ከ72 በታች ግን ቀጫጭን ጭረቶቹ ይጠፋሉ። በሁለት ነጥቡ አልስማማም። የዛሬ አንባቢ ዓይን የለመደው ባዶ ቦታ ነው፣ ነጥቡም መስመሩን ያጨናንቀዋል።

ብዕረኛ
ዓይን የሚለምደው ሲያይ ነው። ሁለት ሁለት ቃል በሁለት መስመር የሆነ ተረት ምን ይጨናነቃል?

አንባቢት
ለአጫጭሮቹ Abyssinica SIL በ110 ሞከርኩ፤ እኔ ወድጄዋለሁ። ሁለት ነጥቡን በአንዱ ላይ አድርጌ፣ በሌላው ትቼ ሁለቱንም እለጥፋለሁ። 43 ቃላቱን ለሁለት ከፈልኩት። ግን የመጀመሪያው ምስል ላይ አራት ነጥቡ ለብቻው ሰባተኛው መስመር ላይ ወርዶ ቆሟል። ጠርዙን ባሰፋውም ሌላ ጥቅስ ላይ ደግሞ ይመጣል።

ገጽ አቀናባሪ
ከአራት ነጥቡ በፊት ባዶ ቦታ ትተዋል። ያጥፉትና ከቃሉ ጋር ያጣብቁት። ሁለት ጊዜ «:» በመምታት የተሠራ ከሆነም በእውነተኛው «።» ይተኩት።