«በቀንዴ ሣር ይዤ፣ በጡቴ ወተቴን»፦ ተደጋጋሚ ሐረግ ሲተረጎም

የሺ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው የመጣሁት። አያቴ ትነግረን የነበረውን የፍየሏንና የጅቡን ተረት ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ ነው። ልጆቼ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ተረት እስከ መጨረሻው አይከተሉም። ተረቱ ላይ እናት ፍየል ከግጦሽ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ እንዲህ ትላለች፦

ልጆቼ ልጆቼ፣ ክፈቱልኝ ቤቴን፣
በቀንዴ ሣር ይዤ፣ በጡቴ ወተቴን።

ይቺ ሐረግ አምስት ጊዜ ትመጣለች። ሁለቴ እናትየዋ ትላታለች። ቀጥሎ ጅቡ ተደብቆ የሰማትን ይሞክራታል፤ ግን ያምታታታል። ሄዶ አጥንቶ ይመለስና ቃሉን በትክክል ይላል። በመጨረሻ እናትየዋ መጥታ ስትጣራ ከውስጥ መልስ የለም።

የመጀመሪያ ረቂቄን ለአንድ አርታኢ አሳይቼ ነበር። «ድግግሞሹ አንባቢ ያሰለቻል፤ በየቦታው አባባሉን ለውጪው» አለኝ። እኔም ለወጥኩት። አንዱ ጋ «እባካችሁ ክፈቱ»፣ ሌላው ጋ «መጥቻለሁ፣ ሣርና ወተት አምጥቻለሁ»፣ ሦስተኛው ጋ «እንደገና ተጣራች» ብቻ። ለልጆቼ ሳነብላቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። እኛ እኮ እዚያ ቦታ ላይ እንጮህ ነበር። ምኑን ነው የገደልኩት?

አራዳው
እህቴ፣ መልሱ አጭር ነው። ተረት ሁሌም በሦስት ነው የሚሄደው። ሦስት ጊዜ ድገሚው፣ ከዚያ በላይ ያለውን ቁረጪ። ምት የሚባለውን ደግሞ እርሺው። የአማርኛ ምት ወደ ፈረንጅ አፍ አይሻገርም። ትርጉሙን ካደረስሽ ይበቃል።

ቃል ፈላጊ
እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። ተረቱ የፍየል ሆኖ ሳለ መጀመሪያ ላይ «ተረት ተረት» ሲባል ለምን «የላም በረት» ተብሎ ይመለሳል? «የፍየል ጉረኖ» ብላ ብትተረጉመው አይሻልም?

መምህር ዘደሴ
ከቃል ፈላጊ ልጀምር። የላም በረት የመጣው ከ«ተረት» ጋር ቤት ስለሚመታ ነው። ከተረቱ ይዘት ጋር ምንም ጉዳይ የለውም፤ ስለ ጦጣም ሲወራ በረቱ የላም ነው። «የፍየል ጉረኖ» ካልሽ ተረት የሚለው ቃል ጓደኛ ያጣል።

አሁን ወደ የሺ። ልጄ፣ አያትሽ የነገሩሽን ሁለት ስንኝ በጣትሽ ቁጠሪው። በፊደል ሳይሆን በአፍ። «ክፈቱልኝ» ሲጻፍ አምስት ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን ክ፣ ፈ፣ ቱል፣ ልኝ፣ አራት ቀለም ነው። እንዲህ ብትቆጥሪ «ልጆቼ ልጆቼ» ስድስት፣ «ክፈቱልኝ ቤቴን» ስድስት ይመጣል። «በቀንዴ ሣር ይዤ» ስድስት፣ «በጡቴ ወተቴን» ስድስት። ይሄ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ልክ ነው። ልቅሶውም፣ ዘፈኑም፣ ምርቃቱም ብዙ ጊዜ በዚሁ ልክ ነው የሚሄደው። እናንተ ልጅ ሆናችሁ የጮኻችሁት ጆሯችሁ ልኩን ስለያዘ ነው።

ወደ እንግሊዝኛ ስድስት ስድስቱን ይዘሽ ልትሄጂ አትችዪም። ያ ቋንቋ የሚቆጥረው ጠበቅ ብሎ የሚነገረውን ነው። በመሃል ያሉት ቀለሞች ቢበዙም ቢያንሱም ጆሮ ይቅር ይላል። ስለዚህ አራዳው የአማርኛው ምት አይሻገርም ማለቱ ልክ ነው፤ ምት ይቅር ማለቱ ግን ከዚያ አይከተልም። የዚያን ቋንቋ የራሱን ምት ፈልጊ።

በሦስት ይቆረጥ የተባለውን ግን አልቀበልም። አምስቱ ጊዜያት አምስት የተለያየ ሥራ አላቸው። የመጀመሪያው ሐረጉን ያስተምራል። ሁለተኛው ያስለምዳል። ሦስተኛው ላይ ጅቡ ሲሳሳት ልጁ ከግልገሎቹ ቀድሞ ያውቃል። አራተኛው ላይ ቃሉ ልክ ነው፣ ድምፁ ግን ወፍራም ነው፤ ልጁ በሩ እንዳይከፈት ይጨነቃል። አምስተኛው ላይ መልስ ሲጠፋ ዝምታው ይሰማል። አርታኢው የመከረሽን ስታደርጊ እናትየዋ ራሷ በየቀኑ የተለያየ ነገር የምትል ሆነች። ታዲያ ጅቡ መሳሳቱን ልጆችሽ በምን ይወቁት?

የሺ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እውነት ነው፣ ልጄ ጅቡ ሲናገር «ይሄኛውም እናታቸው ናት?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ያኔ አልገባኝም።

ጅቡ የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። አያቴ ድምፅዋን አወፍራ እንዲህ ነበር የምትለው፦

በጡቴ ሣር ይዤ፣ በቀንዴ ወተቴን!

እዚህ ጋ ነበር የምንንከባለለው። ልኩ አልተነካም፣ ቤት መምታቱም እንዳለ ነው። የተቀያየሩት ጡትና ቀንድ ብቻ ናቸው።

ሁለተኛ ሙከራዬ በእንግሊዝኛ ቤት ይመታል፦ «ቺልድረን፣ ቺልድረን፣ ሌት ሚ ስሩ፤ ግራስ ኤንድ ሚልክ አይ ብሪንግ ቱ ዩ»። ሲነበብ ይሮጣል፣ ደስ ይላል። ይሄስ?

አራዳው
ይሄማ ቆንጆ ነው! እኔ ተሸንፌያለሁ፣ ምት ይሻገራል። አለቀ በቃ።

መምህር ዘደሴ
አላለቀም። ሩጫው ጥሩ ነው። ግን ቀንዱ የት ሄደ? ጡቱስ? ቀንድና ጡት ከሌሉ ጅቡ ምን ያቀያይራል? «ወተትና ሣር አመጣሁ» ቢል ቦታ መለዋወጥ እንጂ ስህተት አይሆንም። በዚያ ላይ ጅብ ቀንድ የለውም። ውሸቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ተደጋጋሚ ሐረግ ስትተረጉሚ መጀመሪያ ተረቱን እስከ መጨረሻው ሂጂና ሐረጉ የሚሰበርበትን ቦታ ፈልጊ። የትኛው ቃል እንደሚሰበር ካወቅሽ ያ ቃል አይነካም። ሌላው ሁሉ ለድርድር ይቀርባል። እዚህ «ቤቴን» ቢቀር ምንም አይጎድልም። «ልጆቼ» ሁለቴ መባሉም ሊቀር ይችላል። ቀንድ፣ ጡት፣ ሣር፣ ወተት ግን አራቱም ይቆዩ።

ሶስና ከነታኒያ
እኔም ጉዳዬን ላምጣ። እዚህ እስራኤል ለልጆቼ ይህንኑ ተረት በዕብራይስጥ ነው የምነግራቸው። የእናቴ ፍየል «ግልገሎቼ» ነበር የምትለው፣ ቀሪው ያው ነው። መጥሪያው ቀለለኝ። «ፒትሑ ሊ፣ ፒትሑ ሊ፣ የላዲም ሼሊ» እላለሁ፤ ክፈቱልኝ፣ ክፈቱልኝ፣ ልጆቼ ማለት ነው። «ሊ» እና «ሼሊ» ራሳቸው ቤት ይመታሉ። ወተቱም «ሐላቭ» ነው፤ ከግዕዙ «ሐሊብ» ጋር ወንድማማች ስለሆነ እናቴም ሰምታ ፈገግ አለች።

ያቃተኝ ሁለተኛው ስንኝ ነው። «ዔሴቭ ባካርናይም፣ ሐላቭ ባአቲኒም» አልኩ። ሣር በቀንድ፣ ወተት በጡት። በጽሑፍ ሲታይ መጨረሻቸው ይመሳሰላል። በአፍ ሲባል ግን «ካርናይም» ላይ የሚጠብቀው «ና» ነው፣ «አቲኒም» ላይ ደግሞ «ኒም»። ስለዚህ ቤት አይመታም፣ ይወለጋገዳል። የፍየል ጡት አንድ ሆኖ ሳለ በብዙ ቁጥር ማለቴም ለድምፁ ብዬ ነው። ትንሹ ልጄ ደግሞ «አቲን» ምንድን ነው ይለኛል። የከተማ ልጅ ነው፣ ፍየል ስትታለብ አላየም። ቃሉን ላቅልለው ወይስ ላስረዳው?

ቃል ፈላጊ
በመጀመሪያው ጊዜ በእጅሽ አሳዪው። አያቶቻችን ቀንዱን በሁለት ጣት ከግንባራቸው በላይ ያሳዩን ነበር። ከዚያ በኋላ ቃሉ የሱ ነው።

መምህር ዘደሴ
ጥሩ ብለሻል፣ ቃል ፈላጊ። ከአምስቱ የመጀመሪያው ማስተማሪያ ነው ያልኩት ለዚህም ነው። እንግዳ ቃል አምስት ጊዜ ከተደጋገመ እንግዳ ሆኖ አይቀርም። ስለ ዕብራይስጡ ቤት አመታት ግን የምለው የለኝም፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ይግባበት።

የሺ
ሦስት ቀን ታግዬ መጣሁ። ስሙልኝ፦

ኦፕን ዘ ዶር፣ ሊትል ዋንስ፣ ፎር ዮር ማዘር፣
ግራስ ኦን ማይ ሆርንስ፣ ኤንድ ሚልክ ኢን ማይ አደር።

«በሩን ክፈቱ ልጆች ለእናታችሁ፤ ሣር በቀንዴ፣ ወተት በጡቴ» ማለት ነው። ጋሼ እንዳሉት ጠበቅ የሚለውን ቆጠርኩ። ኦፕን፣ ዶር፣ ዋንስ፣ ማዘር፣ አራት። ግራስ፣ ሆርንስ፣ ሚልክ፣ አደር፣ አራት። «ማዘር» እና «አደር» ሙሉ በሙሉ ቤት ባይመቱም ለጆሮ ይቀራረባሉ። ጅቡ ሲሳሳት ደግሞ «ሚልክ ኦን ማይ ሆርንስ፣ ኤንድ ግራስ ኢን ማይ አደር» ይላል። ምንም ሳይናጋ ገባ!

«ቤቴን» ጠፋ፣ «እናታችሁ» ተጨመረ። መጀመሪያ ተጨንቄ ነበር። በኋላ ሳስበው ጅቡ በራሱ አፍ «እናታችሁ» ማለቱ ውሸቱን አከበደው።

ትናንት አነበብኩላቸው። ትልቋ ሦስተኛው ላይ «ኖ! ወተት ቀንድ ላይ አይሆንም!» ብላ ከአልጋ ተነሳች።

አራዳው
አሁን ገባኝ፤ በሦስት መቁረጡ ስህተቴ ነበር። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ጅቡ ቃሉን ሊያጠና ሲሄድ «ሄደ ሄደ ሄደና» ይላል አይደል? እሱም ልክ እንደ ሐረጉ አይነካም?

መምህር ዘደሴ
እሱ ሌላ ነው። የፍየሏ ሐረግ ቁልፍ ነው፤ አንድ ጥርሱ ቢጎድል በሩ አይከፈትም። «ሄደ ሄደ ሄደና» ግን መንገዱን ማርዘሚያ ነው። ተራኪው ልጆቹ ነቅተው ከሆነ ሦስቴ ይለዋል፣ እንቅልፍ ከመጣባቸው አንዴ ብቻ። እንግሊዝኛውም ግሱን በ«ኤንድ» እያያዘ መደጋገም ያውቅበታል፣ ስለዚህ አያስቸግርም። ሦስት ይሁን ሁለት ለየሺ ትንፋሽ ይተው። አንብቢው፣ አፍሽ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አቁሚ።

የሺ
እሺ ጋሼ። የቀረኝ መግቢያውና መውጫው ነው። «ተረት ተረት» ስል የሚመልስልኝ ሰው ያስፈልገኛል። በእንግሊዝኛ የተለመደው አጀማመር መልስ አይጠይቅም፤ ተራኪው ብቻውን ይገባል። ናይጄሪያዊት ጎረቤቴ «ስቶሪ ስቶሪ» ትልና ልጆቿ «ስቶሪ!» ይላሉ። እሱን ልውሰድ?

ሶስና ከነታኒያ
አትውሰጂ። ያ የነሱ ደጃፍ ነው። እኔ «ተረት ተረት»ን በአማርኛ እላለሁ፣ ልጆቼ «የላም በረት» ይላሉ፣ ከዚያ በዕብራይስጥ እንገባለን። ትርጉሙን ባያውቁት ምን ችግር አለው? እኛስ መች እናውቀው ነበር?

አራዳው
ለልጆችሽ ይሠራል። መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ ግን አማርኛ ያልሰማ አንባቢ ምን ብሎ ይመልስ?

ቃል ፈላጊ
መውጫው ላይ እኔ ልናገር። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ላይ «መልሱ»ን ብዙ ሰው «መልስ ስጡ» ብሎ ይተረጉመዋል።

መምህር ዘደሴ
እኔ የማውቀው «የተዋስከውን መልስ» እንደምንለው ነው። ተረት ሰጥቻችኋለሁ፣ ተራው የናንተ ነው፣ አንድ ተረት መልሱልኝ። አፍን በዳቦ ማበስ ደግሞ የተራኪው ድርሻ ነው፤ ሲያወራ አምሽቷል። «መልስ ስጡ» ከተባለ ተራው የሚዞረው ቀርቶ ፈተና ይመስላል።

የሺ
ታዲያ «መልሱ» እና «አብሱ» ቤት እንደመቱ፣ ዳቦውም ሳይጠፋ፣ ተራውም እንደዞረ እንዴት ላስገባው? እስካሁን አራት ዓይነት ጽፌ አራቱንም ሰርዣለሁ። ዳቦው ሲገባ ተራው ይወጣል።

ሶስና ከነታኒያ
አራቱንም ለጥፊያቸው፣ እንያቸው።