የትንፋሽ ማስጀመር ሥልጠና ፕሮፖዛል፦ «ማን አሁን ይሠለጥናል?» የሚለው ክፍል

ጸሐፊዋ
ሰላም ለሁላችሁ። መግቢያውና በጀቱ አልቋል፤ የቀረው ምደባው ነው። ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ፦ ከስድስት ጤና ጣቢያዎች ፈቃደኛ የሆኑ ሚድዋይፎችን ለሁለት እንከፍላለን። ግማሾቹ አሁን ይሠለጥናሉ። በሦስተኛው ወር ሁሉም በማኒኪን ይፈተናሉ፣ ተጠባባቂዎቹ የሚሠለጥኑት ከፈተናው በኋላ ነው። ፈተናው የሚያየው ሳይተነፍስ ለተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ አየር መስጠት መጀመራቸውን ነው። ረቂቁ ላይ ግን «በዕጣ ይመደባሉ» ብቻ ተብሎ ታልፏል። ያየልን ሰው «በምን ዓይነት ዕጣ? በማን እጅ?» ብሎ መልሶታል። እስከ ዓርብ ሐሳባችሁን ጻፉ።

ሚድዋይፍ ከሳቢያን
ይሄማ ምን ያስቸግራል? የየጣቢያውን ስም በፊደል ተራ ደርድሮ ጎዶሎ ቁጥር ያለው ይሠልጥን፣ ሙሉ ቁጥር ያለው ይጠብቅ። ለማንም አያዳላም። ማን የት እንደተመደበ አስቀድመን ካልተናገርን ደግሞ ብላይንድም ሆነ ማለት ነው።

አዲስ አባል
ይቅርታ፣ በዕጣ ከሆነ ለምን ከስድስቱ ጣቢያ ብቻ? ከቢዮ አዋሌና ከዋሂልም በዕጣ ካልተመረጠ ድሬዳዋን አይወክልም። እርስዎ ምን ይላሉ፣ የዳታ ባለሙያው?

የዳታ ሰው
መጀመሪያ «እርስዎ»ውን ተወው፣ ድሬ ላይ ነን። ያነሳኸው ነገር ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፣ ግን የናሙና ጥያቄ ነው። ማን ወደ ጥናቱ ይግባ የሚለውን ነው የምትጠይቀው። እኛ እዚህ የምንነጋገረው ከገቡት መካከል ማን በየትኛው ምድብ ይውደቅ በሚለው ላይ ነው። ውጤቱ ለገጠሩም ይሠራል ወይ የሚለውን በውስንነቶች ክፍል እንጽፈዋለን።

የሳቢያኗ፣ ዝርዝሩን ለሚያነብ ሰው ያልሽው አያዳላም። የሚያዳላው ዝርዝሩን ለሚጽፈው ሰው ነው። የጣቢያው ኃላፊ ስሞቹን ሲደረድር የእያንዳንዷን ዕድል ከወዲሁ ያያል። ሠልጣኝ ውሎ አበል ያገኛል፣ ይሄንን መቼም ሁላችንም እናውቃለን። ከላይ ያለችውን አንዷን «ዓመት ዕረፍት ላይ ናት» ብሎ ቢያወጣት ከእሷ በታች ያሉት ሁሉ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ የፈለጋት ልጅ ከሙሉ ወደ ጎዶሎ ትገባለች። ማንም ሐሰት አልጻፈም፣ ዕረፍቷም እውነት ሊሆን ይችላል። ምደባው ግን ተበላሽቷል።

መሸሸግ የምንለው ይሄንን መዝጋት ነው፦ አንድ ሰው ወደ ጥናቱ መግባቱ እስኪወሰን ድረስ ምድቡን ማንም እንዳያውቅ፣ መገመትም እንዳይችል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተሙት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ የስትሬፕቶማይሲን ጥናት በዚህ ይታወቃል። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ብራድፎርድ ሂል ምድቦቹን ከራንደም ቁጥር አወጣ፣ በታሸገ ፖስታ ተቀመጡ፣ ፖስታው የሚከፈተው በሽተኛው እንዲገባ ከተወሰነ በኋላ ነበር። ብላይንድ ማድረግ፣ ማለትም ማን በየትኛው ምድብ እንዳለ ከተሳታፊው ወይም ከአራሚው መደበቅ፣ ሌላ ነው፣ ከምደባው በኋላ የሚመጣ። ሥልጠና ላይ የተቀመጠች ሚድዋይፍ መሠልጠኗን ታውቃለች፤ ከእሷ መደበቅ አይቻልም።

ሚድዋይፍ ከሳቢያን
እሺ፣ ዕረፍት ያልከው ገባኝ። ግን ይሄን ያህል ውጤት ይቀይራል?

የዳታ ሰው
ይቀይራል፣ ያውም በእኛው ሙያ ነው የታየው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሹልዝና ባልደረቦቹ 250 የእርግዝናና የወሊድ ጥናቶችን መርምረው ነበር። ምደባው በበቂ ሁኔታ ያልተሸሸገባቸው ጥናቶች የሕክምናውን ጥቅም፣ በኦድስ ሬሾ ሲለካ፣ በአማካይ በ41 በመቶ አጋነው ነው የተገኙት።

ከገንደ ቆሬ
ፖስታ ሲባል ሳቄ መጣ። ድሮ የሠራሁበት ቦታ (የት እንደሆነ አልናገርም) ለአንድ ጥናት ፖስታ ተሰጥቶን ነበር። ነጭ ፖስታ ነው፣ ወደ መስኮት ስታዞሪው ጽሑፉ ይነበባል። አስተባባሪያችን «ይቺ ጎበዝ ናት፣ የሚቀጥለው ይሁንላት» እያለች ፖስታውን ወደ ታች ትመልሰው ነበር። ክፋት አልነበረባትም፣ የምታግዝ ነው የሚመስላት። ስለዚህ እኔ የምለው እንደ እቁብ ይሁን። ሁሉም በተሰበሰበበት ስም ተጽፎ ይጠቅለል፣ ሕፃን ልጅ ያውጣ። ማን ያማርራል?

የዳታ ሰው
በአደባባይ መሆኑን እደግፋለሁ። ግን በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ አዲስ አበባ የወጣውን የኮንዶሚኒየም ዕጣ አስታውሱ። ዕጣው በይፋ ወጥቶ፣ ስም ተነቦ፣ ከዚያ ተሰረዘ፤ ችግሩ ማሽኑ ውስጥ የገባው ዝርዝር ነበር፣ መካተት የሌለባቸው ሰዎች ገብተውበት። መጠቅለያው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ዝርዝሩ ካልተቆለፈ ዋጋ የለውም።

ደግሞ ፖስታ ለምን አስፈለገን? ፖስታ የሚያስፈልገው በሽተኛ አንድ በአንድ ለሚመጣበት ጥናት ነው። እዚያ በየአራቱ ሁለት ሁለት እየተባለ ከተመደበ እንኳ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ያየ ሰው አራተኛውን ያውቃል። የእኛ ሚድዋይፎች ግን ከወዲሁ የሚታወቁ ናቸው። ሁሉንም እናስፈርም፣ የመነሻ ፈተናውን ሁሉም ይውሰዱ፣ ዝርዝሩ በስም ፈንታ በኮድ ተጽፎ ይቆለፍና ለሦስት ሰው ይላክ፣ ከዚያ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንመድብ። ያኔ የሚገመት «ቀጣይ» የለም። ዕጣው ከወጣ በኋላ የመጣ ሰው፣ ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰችም ብትሆን፣ ጥናቱ ውስጥ አትገባም፤ ሥልጠናውን ከተጠባባቂዎቹ ጋር ታገኛለች።

ዕጣውን እንዲህ እናውጣው። የኮምፒውተር ፕሮግራሙም እንደ ዝርዝሩ ቀድሞ ይላካል። በስብሰባው ላይ ስድስት ሰው በየተራ ዳይ ይጥላል፣ የወጣው ስድስት አሃዝ መነሻ ቁጥር ይሆናል። ለምሳሌ 526143 ቢወጣ፦

```python
import random
random.seed(526143)
for t in sorted(zirzir):
    k = sorted(zirzir[t])
    random.shuffle(k)
    n = len(k)//2 + len(k)%2*random.randint(0,1)
    print(t, "ሥልጠና:", k[:n], "ተጠባባቂ:", k[n:])
```

`zirzir` የየጣቢያው ኮዶች ናቸው። ጣቢያው ሰባት ሰው ካለው ሦስት ይሠልጥን ወይስ አራት የሚለውን ራሱ በዕጣ ይወስነዋል። `sorted` የገባው የዝርዝሩ ቅደም ተከተል ከተቀየረ ያው ቁጥር ሌላ ውጤት ስለሚሰጥ ነው። ማንም ቤቱ ሄዶ ያንኑ ዝርዝርና ያንኑ ቁጥር ቢያስገባ ያንኑ ምድብ ማግኘት አለበት። በብጣሽ ወረቀት የወጣ ዕጣ ይሄን አይፈቅድም።

ከገንደ ቆሬ
ዳዩን ሕፃኑ ይጥለው እሺ። ግን ኮምፒውተሩን ማን አየው? እናቶቻችን በወረቀት ነው የሚያምኑት።

ማትሮኗ
ልጆች፣ እኔ ሌላ ነገር ነው የማየው። አንዲት ጣቢያ ውስጥ ግማሾቹን አሠልጥናችሁ ግማሾቹን ስትተዉ፣ ሌሊት ተረኛዋ ጓደኛዋን አታሳያትም? ሕፃን እያቃሰተ «አንቺ ተጠባባቂ ነሽ» ልትላት ነው? ይልቅ ሦስት ጣቢያ በሙሉ ይሠልጥን፣ ሦስቱ ይጠብቅ።

የዳታ ሰው
ትክክል ነሽ፣ ይተላለፋል። ያም የምናየውን ልዩነት ያሳንሰዋል። ጣቢያ በጣቢያ መመደብም የታወቀ መንገድ ነው። የእኛ ችግር ስድስት ብቻ መሆናቸው ነው። ስድስትን ሦስት ሦስት አድርጎ ለመክፈል ያሉት መንገዶች 20 ብቻ ናቸው። ሦስቱ የሠለጠኑት ጣቢያዎች ከሌሎቹ ሁሉ ቢበልጡ እንኳ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ስንቆጥር እንዲህ ያለ ውጤት በዕድል ብቻ ከ20 ሁለቴ ይመጣል። ያ 0.1 ነው፤ ከ0.05 በታች ሊወርድ የሚችልበት መንገድ የለም። ስምንት ጣቢያ ብናገኝ አከፋፈሉ 70 ይሆናል፣ ያኔ 0.03 አካባቢ ይደርሳል፤ ግን ያም የሚሆነው ሁሉም የሠለጠኑ ጣቢያዎች ከሁሉም ካልሠለጠኑት ሲበልጡ ብቻ ነው።

ማትሮኗ
ቁጥሩን ተቀበልኩ። ሌሊቱን ግን አልፈታኸውም።

የዳታ ሰው
አልፈታሁትም። በፈተናው ቀን ተጠባባቂዎቹን «ማን ምን አሳየሽ?» ብለን እንጠይቅና ከውጤቱ ጋር እንጻፈው። እንዳያሳዩ ማገድ አንችልም፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም አይፈቅድም፣ እኔም አልፈልግም።

የሐረሩ መምህር
ፈተናውን እንድናርም የተጠየቅነው እኛ ስለሆንን አንድ ነገር ልበል። ሠልጣኙንም አሠልጣኙንም ብላይንድ ማድረግ ካልተቻለ የቀረው አራሚው ነው፣ እሱን አትልቀቁት። በስትሬፕቶማይሲኑ ጥናትም ሐኪሞቹ መድኃኒቱን ማን እንደሚወስድ ያውቁ ነበር፤ ራጁን ያነበቡት ግን አያውቁም ነበር። ድሬ መጥተን ፊት ለፊት አንፈትን፤ ከሐረር 55 ኪሎ ሜትሩን ወርደን ሻይ ቤት ስንቀመጥ ማን እንደሠለጠነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንሰማለን። በቪዲዮ ይላክልን፤ እጅና ማኒኪን ብቻ የሚታይበት፣ የፋይሉ ስም ኮድ የሆነ።

የሚያጋልጡ ነገሮች ግን ብዙ ናቸው። የሥልጠናው ቲሸርት አንዱ ነው፣ ሁሉም ጋውን ይልበሱ። ድምፅ ሁለተኛው ነው፤ በሥልጠናው እንደሚባለው «ወርቃማዋ ደቂቃ» ብላ የምታወራ ልጅ የት እንደነበረች ነግራኛለች። ድምፁን አጥፉት። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፦ ተጠባባቂዋ ማኒኪኑን በሕይወቷ የምታየው በፈተናው ቀን ከሆነ፣ ፊቱ ላይ ማስኩን ስታገላብጥ አውቃታለሁ። የምለካውም ችሎታዋን ሳይሆን ከፕላስቲኩ ጋር ያላትን ትውውቅ ይሆናል። ለሁሉም ከፈተናው በፊት አምስት ደቂቃ መነካኪያ ስጡ።

ሚድዋይፍ ከሳቢያን
ከቪዲዮው በኋላ አራሚዎቹ «ይቺ የሠለጠነች ናት» ብለው ይገምቱ፣ ግማሽ ግማሽ ከሆነ ብላይንዱ ሠርቷል፣ በጣም ካወቁ ፈርሷል። አይደል?

የሐረሩ መምህር
እኔም አንድ ጊዜ እንዲያ አስብ ነበር። ሥልጠናው በትክክል ከሠራ ግን ፈጣኗን ሳይ «የሠለጠነች» ብዬ እገምታለሁ፣ ትክክልም እሆናለሁ። ያ የሾለከ ምስጢር ሳይሆን ውጤቱ ራሱ ነው። የሙከራ ጥናቶች ሪፖርት አጻጻፍ መመሪያው ኮንሶርትም እ.ኤ.አ. በ2010 እትሙ «ብላይንዱ መሳካቱን ሪፖርት አድርጉ» የሚለውን አውጥቶታል። እኔ የምመርጠው ከግምቱ ይልቅ ምክንያቱን መጻፍ ነው፦ አራሚው «አወቅኩ» ካለ በምን አወቀ? «ቦርሳዋን አየሁ» ካለ ያ ቪዲዮ ለሌላ አራሚ ይሰጣል።

ጸሐፊዋ
የገባበትን ልጻፍ፦ መጀመሪያ ፊርማና የመነሻ ፈተና፣ ከዚያ የተቆለፈ ዝርዝር፣ ከዚያ ዳይ በስብሰባ ላይ፣ ምደባ በየጣቢያው፤ አራሚ ከሐረር፣ ቪዲዮ ያለ ድምፅ። ከተመደበች በኋላ ሥልጠናውን ያቋረጠች በተመደበችበት ምድብ ውስጥ ትቆጠራለች፣ ይሄን ማንም ስላልተቃወመ አስገብቼዋለሁ። የማትሮኗን የጣቢያ ጥያቄ «ሁለት ተጨማሪ ጣቢያ ከተገኘ ይታያል» ብዬ ክፍት ትቼዋለሁ።

ከገንደ ቆሬ
አንድ የቀረ አለ። ተጠባባቂዎቹ የፈተና ቀን ሲመጡ አበል አላቸው? ከሌላቸው ግማሾቹ አይመጡም፤ የሚመጡት ደግሞ የሚመጡበት ምክንያት ያላቸው ብቻ ናቸው።

የዳታ ሰው
ለሁለቱም ምድብ እኩል መሆን አለበት። በጀቱን የያዘችው ጸሐፊዋ ናት፣ እሷ ትመልስ።

ጸሐፊዋ
በጀቱ አልቋል ያልኩትን መልሼ እከፍታለሁ ማለት ነው። እስከ ሰኞ ጠብቁኝ።