«ያከራየኋት» ወይስ «ያከራየሁላት»?

ታቦር ሥር፦
ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለኝ፤ ማመልከቻና ውል እጽፋለሁ። ትናንት አንድ አባት ተከራያቸውን ሊከሱ መጡና «ቤቱን ያከራየሁላት ግለሰብ የ3 ወር ኪራይ አልከፈለችኝም» ብዬ ጻፍኩላቸው። ኮፒ የሚያነሳው ልጅ አነበበውና «አባባ ደላላ ናቸው እንዴ?» አለኝ። ሳቅሁ፤ በኋላ ግን ከነከነኝ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

የመሪጌታው ልጅ፦
ጥፋቱ የ«የ» ነው። ግዕዝ ለወንድ «ዘ»፣ ለሴት «እንተ»፣ ለብዙ «እለ» ነበረው። አማርኛ ሦስቱንም በአንድ «የ» ጠቅልሎ ጾታውን አጠፋው። ግራ የምንጋባው ለዚህ ነው።

ጡረተኛዋ፦
ልጄ፣ ስለ ግዕዙ ልክ ነህ፤ ግዕዙም ራሱ «ዘ»ን ለሴትም ለብዙም ሲያውለው ታገኘዋለህ እንጂ። ጾታው ግን አልጠፋም፣ ወደ ግሡ ጅራት ሄደ። «ያከራየኋት» ስትል ሴት መሆኗን ከጅራቱ ሰምተሃል። የታቦር ሥር ጣጣም ጾታ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ቤቱን ለአልማዝ አከራየሁ» ብትል ሁለት ትርጉም አለው፤ አልማዝ ተከራይ ልትሆን ትችላለች፣ ወይም ባለቤቷ እሷ ሆና አንተ ተከራይ ፈልገህላት ይሆናል። «ለ» ሁለቱንም ይሸከማል። ወደ ግሡ ስትሻገር ግን መንገዱ ይለያያል። ተከራይ ከሆነች «አከራየኋት»፣ ስለ እሷ ብለህ ከሆነ «አከራየሁላት»። ሳትፈቅድ ቤቷን ብትሰጥባት ደግሞ «አከራየሁባት»። ልጁ ደላላ ያላቸው ለዚህ ነው፤ አንተ የጻፍከው ባለቤቷን ነው።

ስትጠራጠር «የ»ውን ጣልና ቀሪውን ለብቻው በል። «አከራየሁላት»፤ ማን ተጠቀመ? መልሱ የምትፈልጋት ሴት ካልሆነች ጅራቱን ቀይር።

ባጃጅ ነጂ፦
አሃ! ባለፈው እህቴን ጎማ እንድታመጣ ዕቃ ቤት ላክኋትና ለባለሱቁ «የላኩላት ልጅ መጥታለች?» ብዬ ቴክስት አደረግሁ። ሰውየው ዕቃ የተላከላት ደንበኛ መስላው፣ «እስካሁን ምንም አልደረሳትም» እያለ ሲያከራክረኝ ዋለ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማለች!

ጡረተኛዋ፦
ያንተ «የላክኋት» ነው፣ የተላከችው ራሷ ናትና። ግን ልብ በሉ፣ ከ«አከራየ» የተማራችሁትን በ«ላከ» ላይ አትጫኑ። ገንዘብ ለአልማዝ ብትልክ «ላክሁላት» ነው የሚባለው፣ ተቀባይዋ እሷ ሆና ሳለ። «ሰጠኋት» ይባላል፣ «ጻፍሁላት» ይባላል። እያንዳንዱ ግሥ የራሱ ጠባይ አለው፤ በጆሮ ነው የሚለመደው።

አሞራ ገደል፦
እኔ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። «ያከራየኋት ሴትን ከሰስሁ» እያሉ የሚጽፉ በዝተዋል። «ን» ግሡ ላይ ነው መግባት ያለባት፤ «ያከራየኋትን ሴት ከሰስሁ»።

ታቦር ሥር፦
እኔም እንደዚያ እጽፋለሁ 😅 «ከያከራየኋት ሴት» የሚልም ጽፌ አውቃለሁ።

ጡረተኛዋ፦
እሱስ ከጆሮም ይጎረብጣል። «ከ» ስትመጣ «የ» ትወጣለች፤ «ካከራየኋት ሴት ኪራይ አልተቀበልሁም»። ፊት ያለው «ከ» ኪራዩ ከማን እንደሚመጣ ይናገራል፣ ጅራቱ ደግሞ እሷ በኪራዩ ውስጥ ምን እንደነበረች። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ስላላቸው አንዱ ሌላውን አይተካም። «በምኖርበት ቤት ተሰበሰብን» ስትል «በ» ሁለት ጊዜ የገባችው አንዷ ለስብሰባው፣ አንዷ ለኑሮው ነው። ከቤቱ ብትወጣ «ከምኖርበት ቤት ወጣሁ» ትላለህ፤ ፊተኛዋ ተቀየረች፣ ኋለኛዋ ባለችበት ናት።

የመሪጌታው ልጅ፦
እሺ እትዬ፣ ተቀብያለሁ። ግን ተከራይዋ አሮጊት ቢሆኑስ? አክብሬ «ያከራየኋቸው» ብል ሴትነታቸውም ጠፋ፣ አንድ ይሁኑ ብዙም አይታወቅም። እዚህ ላይ ግዕዙ አይሻልም?

ጡረተኛዋ፦
እዚያ ላይ ይዘኸኛል። «ያከራየኋቸው ወይዘሮ» ስትል ቀጣዩ ስም ያድንሃል እንጂ ግሡ ብቻውን አይለይም።

አሞራ ገደል፦
ለፍርድ ቤት ከሆነ «ግለሰብ» አትበል በቃ። ስሟን ጻፍ።

ታቦር ሥር፦
አባትየው ነገ ጠዋት ይመጣሉ። «ቤቴን ያከራየኋት ተከራይ» ብዬ ስሟን አስገብቼ እንደገና አትሜዋለሁ። ለሁለተኛው ገጽ አላስከፍላቸውም።

ባጃጅ ነጂ፦
ጎማው ግን እስካሁን አልመጣም 😂