ለ27 ዓመት ወንድሜ ሞግዚት ላውጣለት ወይስ ሌላ መንገድ አለ? (ደሴ)

ጠያቂ፦ እህቱ

ሰላም ለሁላችሁ። እናታችን ወደ አኼራ ከሄደች በኋላ ደሴ ያለው ቤትና ትንሽ የባንክ ገንዘብ ለሦስታችን ቀርቷል። ታናሽ ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። ማንበብ አይችልም። ብር ግን ይለያል፣ ሻይ ቤት እየሠራ ደሞዙን ይቀበላል፣ የሚያምነውንና የማያምነውን ሰው ያውቃል። በስሙ ሂሳብ ልናስከፍት ባንክ ስንሄድ «ሞግዚት አውጡለትና ኑ» አሉን። ሞግዚት ባወጣለት ምን ያጣል? ሌላ መንገድስ አለ?

የሮቢቷ

አብሽሪ እህቴ፣ ቀላል ነው። እኔ ለሟች እህቴ ልጅ አውጥቻለሁ። የልደትና የሞት ምስክር ወረቀት፣ ሁለት ሦስት ምስክር ይዘሽ ፍርድ ቤት ማመልከት ነው። ከፈለግሽም ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄደሽ ውርሱን አብረሽ ትጨርሻለሽ።

እህቱ

አላህ ይስጥልኝ። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?

የሮቢቷ

ዘጠኝ።

ጠበቃ ከኮምቦልቻ

እንግዲያው ጉዳዩ ሌላ ነው። ልጁ ሞግዚት የሚያስፈልገው በዕድሜው ምክንያት ነው። የ27 ዓመት ሰው ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ችሎታ እንዳለው ይገመታል፤ የለውም የሚል ወገን ነው ማስረዳት ያለበት (አንቀጽ 192 እና 196)። ለወንድምሽ ሞግዚት የሚሾመው ፍርድ ቤት መጀመሪያ «በፍርድ የተከለከለ» ካለው በኋላ ነው። ከአንቀጽ 351 ጀምሮ ያለውን አንብቢው።

ምን ያጣል ላልሽው፦ ከውሳኔው ቀን ጀምሮ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ በሚጠበቅበት አኳኋን ይያዛል። ገንዘቡንና የቤት ድርሻውን ሞግዚቱ ያስተዳድራል፣ ውል የሚዋዋለውም ሞግዚቱ ነው። ኑዛዜ ማድረግ አይችልም። ነገ ማግባት ቢፈልግ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠየቃል። ለአንድ የባንክ ሂሳብ ተብሎ የተከፈተ መዝገብ ትዳሩ ድረስ ይዘልቃል ማለት ነው። ይነሳለት ቢባልም ተመልሶ ፍርድ ቤት መቆም ነው።

የሸሪዓው ነገር ደግሞ በተከራካሪዎቹ ፈቃድ የሚሄድ ነው፤ ወንድምሽም ከተከራካሪዎቹ አንዱ ነው። እዚያ የወንድ ልጅ ድርሻ የሴት ልጅ እጥፍ ስለሆነ የት መሄድ እንዳለበት ሲመረጥ ጥቅሙ ከእናንተ ጥቅም ጋር ይጋጫል። ይህን ለእሱ የሚያስረዳው ሰው አንቺ ባትሆኚ ይሻላል።

እህቱ

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ታዲያ ሞግዚት ካልሆነ ምን ላድርግ?

ጠበቃ ከኮምቦልቻ

በድጋፍ መወሰን የሚሉት አለ። ውሳኔው የእሱ ሆኖ ይቀራል፤ የሚያምነው ሰው ያስረዳዋል፣ ያነብለታል፣ አብሮት ይሄዳል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 12 የሚለው ይህንኑ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴም በ2009 የክልከላውን ሕግ ቀይሩ ብሎናል። የ1952ቱ ሕግ ግን እንዳለ ነው፣ «የድጋፍ ስምምነት» የሚባል ፎርምም የለንም። ባንኩ የሚያውቀውን ነው የነገረሽ።

እስከዚያው ያለን ነገር ልዩ ውክልና ነው። ራሱ መታወቂያውን ይዞ ሰነድ የሚረጋገጥበት ቢሮ ይቀርባል፤ ሹሙ ያነብለትና ይጠይቀዋል፣ ከዚያ አሻራውን ያደርጋል። ማንበብ የማይችል ሰው አሻራ የሚያስገድደው እንዲህ ባለ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ስለሆነ (አንቀጽ 1728) ይህን አትዝለሉት። ጽሑፉ ጠባብ ይሁን፤ የትኛው ሂሳብ፣ በወር እስከ ስንት ብር፣ ለምን ጉዳይ እንደሆነ ይጻፍ። በር ላይ ያሉት ጸሐፊዎች ሳትጠይቂያቸው «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የምትለዋን መስመር ይጨምራሉ። ሳይታተም አንብቢና አስወጪያት፤ ለእናንተ ጉዳይ አታስፈልግም።

ልዩ ፍላጎት መምህር

አንድ ነገር ልጨምር። ሹሙ «ውክልና መስጠትህን ታውቃለህ?» ብሎ ቢጠይቀው ልጁ ዝም ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ «አይገባውም» ተብሎ ይመለሳል። ቀድማችሁ ቤት ውስጥ የባንክ ደብተሩን እጁ ላይ አድርጉና በአጭር በአጭሩ ንገሩት። «ይህ ያንተ ብር ነው። እገሌ ያወጣልሃል። ካልፈለግህ ተው ትለዋለህ።» ከዚያ በራሱ አነጋገር መልሶ ይንገራችሁ። «እሺ» ማለቱን እንደ መልስ አትቁጠሩት። ብዙዎቹ ልጆቼ ሰው ደስ እንዲለው ለሁሉም ነገር እሺ ይላሉ። «ብሩን ለጎረቤት ብንሰጠውስ?» ብላችሁ ሞክሩት፤ እሱንም እሺ ካለ ገና አልገባውም፣ በሌላ ቀን ድገሙት።

እናት ነኝ

ጠበቃው የሚሉት ሲነበብ ያምራል። የእኔ ልጅ 31 ዓመቱ ነው፤ ከአባቱ የቀረችውን ባጃጅ ሰዎች ሻይ እየጋበዙ በማይረባ ብር አሸጡት። ሽያጩን የፈረመው ልጄ ራሱ ነው። በፍርድ ተከልክሎ ቢሆን ኖሮ ውሉን አፈርሰው ነበር። መብቱ ተጠበቀ እያልን ንብረቱ ካለቀ ምን ዋጋ አለው?

ጠበቃ ከኮምቦልቻ

እናቴ፣ እውነትዎን ነው፤ የክልከላ ትልቁ ጉልበት እዚያ ላይ ነው። ያለ ክልከላም ግን በር አለ። አንቀጽ 1710 ንዑስ 2 የአንዱን ወገን ችግር ወይም የአእምሮ የዋህነት ተጠቅሞ እጅግ ያጋደለ ጥቅም የተወሰደበት ውል እንዲፈርስ ይፈቅዳል። ችግሩ ጊዜው ነው። እንዲህ ያለው ክስ ውሉ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የእርስዎ መቼ ነበር?

እናት ነኝ

ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል።

ጠበቃ ከኮምቦልቻ

እንግዲያው ዛሬ ነገ አይበሉ። የሽያጭ ውሉን ኮፒና በዚያን ጊዜ የእንደዚያች ዓይነት ባጃጅ በስንት ይሸጥ እንደነበር የሚመሰክር ሰው ይያዙ፤ ልጅዎ የሚታከምበት ካለ የሐኪም ማስረጃም ይጠቅማል።

የሮቢቷ

ምንም የማይናገርስ? የጎረቤቴ ልጅ ሰው ሲጠራው እንኳ አይዞርም። ውክልና ከየት ይሰጣል?

ጠበቃ ከኮምቦልቻ

ለእሱ ክልከላ የሚቀር አይመስለኝም። ፍርድ ቤቱ ግን ልጁን ራሱን እንዲያየው ጠይቁ፤ ሐኪም የጻፈው ወረቀት ብቻ በቂ አይደለም።

ልዩ ፍላጎት መምህር

እዚህ ላይ አልስማማም። የማይናገር ልጅም ማንን ሲያይ እንደሚረጋጋ፣ ምን ሲቀርብለት እንደሚገፋ ቤተሰቡ ያውቃል። ስምምነቱ ፈቃዱንና ምርጫውን ከዚያ ተነሥታችሁ ፈልጉ ነው የሚለው።

ጠበቃ ከኮምቦልቻ

ስምምነቱስ ይላል። ዳኛው ፊት ግን በየትኛው አንቀጽ ብዬ ልቁም?

እህቱ

ሁላችሁንም አላህ ይስጣችሁ። ውክልናውን ለአጎታችን ላሰጥ ብዬ ነበር፤ ወንድሜ ግን አጎቴን አልፈልግም፣ የሻይ ቤቱ ባለቤት ይሁንልኝ ይላል። ይሆናል?

ጠበቃ ከኮምቦልቻ

ሰውዬው ከእሺታ ጋር ከመጣ ይሆናል። ወራሽ አለመሆኑ እንዲያውም ጥሩ ነው። ነገር ግን አሠሪው ስለሆነ ደሞዝን የሚመለከት ሥልጣን ውክልናው ውስጥ አይግባ፤ ደሞዙን እንደ ድሮው በእጁ ይቀበል። የቤቱን ክፍፍል ደግሞ ለብቻው ያዙት፤ በዚያ ላይ ሌላ ሰው ይምረጥ። ባንኩ ውክልናውን አይቶ አሁንም አልቀበልም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቂና እዚህ ለጥፊው፣ እናየዋለን።